የዋጋ ገጽን ቃላት እንደገና መጻፍ፦ ጥቅሎችን በአንድ መለኪያ ማሰለፍ፣ ቅድመ ሁኔታውን ከዋጋው አጠገብ ማስቀመጥ

ብዙ ድርጅቶች የዋጋ ገጻቸውን ሲያድሱ ቀለሙን ይቀይራሉ፣ የጥቅሎቹንም ስም ያሳምራሉ፤ ደንበኛው ግን እንደ ቀድሞው ይደውልና «ታዲያ ጠቅላላ የምከፍለው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የሚሆንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥቅሎቹ ጎን ለጎን ቢቀመጡም የተለኩት በተለያየ መለኪያ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ዋጋውን የሚቀይረው ቅድመ ሁኔታ ከዋጋው ርቆ በገጹ ግርጌ ስለሚጻፍ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ እነዚህን ሁለት ስህተቶች በቅደም ተከተል ለማረም የሚያገለግል ነው።

በምሳሌነት የምጠቀመው አብሬ የሠራሁበትን ገጽ ነው። ድርጅቱ ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ያለው አነስተኛ ድርጅት ሲሆን፣ በመርካቶና በፒያሳ ላሉ ሱቆች የሽያጭና የዕቃ ክምችት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ያከራያል። ገጹ ከመታደሱ በፊት እንዲህ ይነበብ ነበር፦

> ጀማሪ – በወር ከ500 ብር ጀምሮ*
> አዳጊ – በወር 1,200 ብር (በብዛት የተመረጠ)
> ድርጅት – ያግኙን
>
> *ዓመታዊ ክፍያ በቅድሚያ ለሚፈጽሙ። ተ.እ.ታ አይጨምርም። የማስጀመሪያ ክፍያ ሊኖር ይችላል። ዋጋው ያለ ማስታወቂያ ሊቀየር ይችላል።

## ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

ገጹን ገና አይክፈቱ። በመጀመሪያ ደንበኞች የሚፈርሙትን ውል፣ በቅርቡ የተቆረጡ አሥር ያህል ደረሰኞችን እና ሽያጭ ክፍሉ ለደንበኛ በስልክ ወይም በቴሌግራም የላካቸውን የዋጋ መልሶች ይሰብስቡ። ደረሰኞቹ ከየጥቅሉ የተውጣጡ ይሁኑ፤ ከእነዚህም መካከል ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ ያለው ደንበኛ ደረሰኝ እንዳይጎድል። ገጹ የሚለውና ደረሰኙ የሚለው ከተለያዩ፣ ትክክለኛው ዋጋ ደንበኛው በተግባር የከፈለው ነው።

ከዚህ ጋር ዋጋ የመወሰን ሥልጣን ያለውን አንድ ሰው ስም ይያዙ። በሥራው መሐል «ይህ ክፍያ በእርግጥ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ስለማይቀር፣ ጸሐፊው በግምት ሊሞላው አይገባም።

## ደረጃ 1፦ እውነተኛውን ዋጋ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ

ለእያንዳንዱ ጥቅል የሚከተሉትን ይመዝግቡ፦ በየወሩ ለሚከፍል ሰው ስንት ነው? ዓመቱን በቅድሚያ ለሚከፍልስ? አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነገር አለ? ስንት ቅርንጫፍና ስንት ተጠቃሚ ይፈቀዳል? ከዚያ ሲያልፍስ ምን ያህል ይጨመራል?

በምሳሌያችን ወረቀቱ ሲሞላ፣ ታክሱ ሳይጨመር የሚከተለው ወጣ። ጀማሪ ጥቅል በየወሩ ሲከፈል 650 ብር ነው፤ 500 ብር የሚሆነው የዓመቱ 6,000 ብር በአንድ ጊዜ ሲከፈል ብቻ ነው። በዚህ ላይ 3,000 ብር የማስጀመሪያ ክፍያ አለው። አዳጊ ጥቅል በየወሩ 1,200 ብር፣ በዓመት ቅድመ ክፍያ 12,000 ብር ሲሆን፣ የማስጀመሪያ ክፍያ የለውም። የሚፈቅደውም አንድ ቅርንጫፍ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ ሦስት ቅርንጫፍ ድረስ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቅርንጫፍ በወር 400 ብር ይጨመራል። «ያግኙን» የተባለው ድርጅት ጥቅል ደግሞ በሽያጭ ሠራተኞቹ ዘንድ የታወቀ ስሌት ነበረው፦ ከአራት ቅርንጫፍ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ በወር 700 ብር እና አንድ ጊዜ የሚከፈል 8,000 ብር።

ይህ ደረጃ ሲሰናከል፦ ሁለት የሽያጭ ሠራተኞች ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ዋጋ ሰጥተው ካገኙ ሥራውን እዚያው ያቁሙ። ችግሩ የቃላት ስላልሆነ በጽሑፍ አይፈታም። ዋጋውን የሚወስነው ሰው አንዱን መርጦ በጽሑፍ እስኪያሳውቅ ድረስ ወደ ሁለተኛው ደረጃ አይለፉ።

## ደረጃ 2፦ ሁሉንም ጥቅሎች በአንድ መለኪያ ይለኩ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይኸኛው ነው፤ ሊቸኩሉበትም አይገባም። የድሮውን ገጽ መለስ ብለው ይመልከቱ። የጀማሪ 500 ብር የዓመት ቅድመ ክፍያ ለአሥራ ሁለት ተካፍሎ የተገኘ ነው፤ የአዳጊ 1,200 ብር ግን በየወሩ የሚከፈል ነው። አንባቢው 500ን ከ1,200 ጋር ሲያነጻጽር ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ይመስለዋል። በተመሳሳይ መለኪያ ሲለኩ ግን በየወሩ 650 ከ1,200፣ በዓመት ደግሞ 6,000 ከ12,000 ነው። ማንም ሆን ብሎ ያጭበረበረ የለም፤ ሁለቱ ቁጥሮች በተለያየ ጊዜ በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ ነበሩ። ደንበኛው ላይ የሚያስከትለው ስህተት ግን ያው ነው።

ሀ. የክፍያውን ጊዜ አንድ ያድርጉ። በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር በሁሉም ጥቅሎች ወርኃዊ ይሁን፣ ወይም በሁሉም ዓመታዊ ይሁን። የዓመቱን ክፍያ ለአሥራ ሁለት አካፍለው «በወር» ብለው አይጻፉ፤ ደንበኛው በዚያ ቀን ከኪሱ የሚያወጣው ታክሱ ሳይጨመር እንኳ 6,000 ብር ነው እንጂ 500 ብር አይደለም። ዓመታዊ ከሆነ ታክሱን ጨምረው «በዓመት 6,900 ብር፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈል» ብለው ይጻፉ።

ለ. ታክሱን አንድ ያድርጉ። ድርጅትዎ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ ደንበኛው 15 በመቶ ጨምሮ መክፈሉ አይቀርምና፣ ትልቁ ቁጥር ታክሱን የያዘ ይሁን። ዝርዝሩን በቅንፍ ያስከትሉ፦ «1,380 ብር (1,200 + ተ.እ.ታ 180)»። ይህ አጻጻፍ ለሁለቱም ዓይነት ደንበኛ ያገለግላል፤ ለታክሱ ያልተመዘገበው ነጋዴ የሚከፍለውን ሙሉ ዋጋ ያያል፣ የተመዘገበውና የከፈለውን ታክስ የሚያቀናንሰው ደግሞ መነሻውን ዋጋ ያገኛል። ድርጅትዎ ካልተመዘገበ ግን ታክሱን ሊሰበስብ አይችልምና «ተ.እ.ታ አይጨምርም» የሚለውን ሐረግ ፈጽመው ያውጡት፤ አንባቢው በኋላ የሚጨመርበት ነገር ያለ ይመስለዋል።

ሐ. «ወር» ስንል ስንት ቀን እንደሆነ ይወስኑ። ሲስተሙ በየ30 ቀኑ የሚቆጥር ከሆነ፣ መስከረም 1 የጀመረ ደንበኛ አሥራ ሦስተኛው ክፍያ የሚደርስበት ጳጉሜ 1 ነው። ደንበኛው ግን ዓመት ሲባል አሥራ ሁለት ክፍያ አስቦ ነው የገባው። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ በዚሁ ምክንያት ቢሮ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ለአምስት ቀን ጳጉሜ የሙሉ ወር ትጠይቁኛላችሁ?» ሲሉ የሰጠናቸው መልስ አልነበረም። ያለዎት ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ጳጉሜን ከነሐሴ ክፍያ ጋር አጠቃለው «በዓመት 12 ክፍያ፤ ጳጉሜ ለብቻ አይከፈልበትም» ብለው ይጻፉ፣ ወይም «በየ30 ቀኑ» ብለው «በወር» የሚለውን ቃል ከገጹ በሙሉ ያውጡ። ሁለቱን ቀላቅሎ መጻፍ ግን አይቻልም። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ተመርጧል፤ ከዚህ በታች ያሉት የዓመት ስሌቶችም በአሥራ ሁለት ክፍያ የተሠሩ ናቸው።

መ. የመጀመሪያውን ዓመት ድምር ያውጡ። የአንድ ጊዜ ክፍያ ያለው ጥቅልና የሌለው ጥቅል በወርኃዊ ዋጋ ብቻ አይነጻጸሩም። ጀማሪ በዓመት ቅድመ ክፍያ ከታክሱ ጋር 6,900 ብር ነው፤ የማስጀመሪያው 3,000 ብር ከታክሱ ጋር 3,450 ስለሚሆን የመጀመሪያው ዓመት ድምር 10,350 ብር ይሆናል። አዳጊ በዚሁ መንገድ 13,800 ብር ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 3,450 ብር ብቻ ሲሆን፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን 6,900 ብር ይሆናል። የትኛውን መያዝ እንዳለበት የሚያመነታ ባለ ሱቅ የሚፈልገው ይህን ነው፤ የድሮው ገጽ ደግሞ ይህን ሊነግረው አይችልም ነበር።

ይህ ደረጃ ሲሰናከል፦ «ታክሱን ከጨመርን ከተፎካካሪዎቻችን የተወደድን እንመስላለን» የሚል ተቃውሞ ከኃላፊዎች መነሣቱ የተለመደ ነው። ቁጥሩን ወደ ታች ለመመለስ አይስማሙ። ይልቁንም ከጥቅሎቹ በላይ «ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች በሙሉ ተ.እ.ታን ያካተቱ ናቸው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። አንባቢው የሌላውን ድርጅት ዋጋ ሲያይ ታክሱን ያካተተ መሆን አለመሆኑን እንዲጠይቅ የሚያደርገው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ዋጋን በግልጽ የማሳየት ግዴታም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የደነገገው ስለሆነ፣ ክርክሩ ከምርጫ አልፎ የሚሄድ መሆኑን ለኃላፊው ማስታወስ ተገቢ ነው።

## ደረጃ 3፦ ቅድመ ሁኔታዎቹን በሁለት ይክፈሉ

ከግርጌ ማስታወሻውና ከውሉ ያወጧቸውን ቅድመ ሁኔታዎች አንድ በአንድ ያንብቡና ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ *ይህ ነገር ደንበኛው የሚከፍለውን ገንዘብ ወይም የሚያገኘውን አገልግሎት ይቀይራልን?*

የሚቀይር ከሆነ ቦታው ከዋጋው አጠገብ ነው፤ የፊደሉም መጠን ከመግለጫው ጽሑፍ ያነሰ መሆን የለበትም። የማስጀመሪያ ክፍያ፣ የቅርንጫፍና የተጠቃሚ ገደብ፣ ቅናሹ የሚያበቃበት ቀን፣ ክፍያ ሲዘገይ የሚሆነው ነገር በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የማይቀይር ከሆነ፣ ለምሳሌ ክርክር ቢነሣ የሚታይበት ፍርድ ቤት፣ በውሉ ውስጥ ቢቀመጥ በቂ ነው።

የኮከብ ምልክትን በተመለከተ መመሪያው አጭር ነው፦ በዋጋ ላይ ኮከብ አያስቀምጡ። ኮከብ ያስፈለገው ቁጥሩ ብቻውን እውነት ስላልሆነ ነውና፣ መስተካከል ያለበት ቁጥሩ ራሱ ነው።

## ደረጃ 4፦ ዓረፍተ ነገሮቹን ይጻፉ

እዚህ የምንለውጣቸው በየገጹ የሚደጋገሙ አምስት ሐረጎች ናቸው።

«ከ… ጀምሮ»። ይህን ሐረግ የሚያነብ ሰው የሚይዘው ቁጥሩን ብቻ ነው። ዋጋው የሚጨምረው በቅርንጫፍ ብዛት ከሆነ በምን እንደሚጨምር ይግለጹ፦ «ለአንድ ቅርንጫፍ በወር 1,380 ብር፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቅርንጫፍ በወር 460 ብር፣ እስከ ሦስት ቅርንጫፍ»።

«ሊኖር ይችላል»። የማስጀመሪያ ክፍያው ወይ አለ ወይ የለም። ለአንዳንዱ ደንበኛ ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ለማን እንደሚጠየቅ ይጻፉ፦ «ጀማሪ ጥቅል አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 3,450 ብር የማስጀመሪያ ክፍያ አለው። አዳጊ ጥቅል የማስጀመሪያ ክፍያ የለውም።» የሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አስፈላጊነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአንደኛው ጥቅል ሥር የተጻፈ ክፍያ በሌላው ሥር በዝምታ ከታለፈ፣ አንባቢው እንደሌለ ወይም እንደተደበቀ ሊያውቅ አይችልም።

«ያለ ማስታወቂያ ሊቀየር ይችላል»። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ በሚወሰን ምንዛሬ የሚሸጥ በመሆኑ፣ ለሰርቨር በዶላር የሚከፍል ድርጅት ዋጋውን ለመከለስ መገደዱ የሚገባ ነው። ሆኖም ደንበኛው ሊያውቀው የሚገባው የተከፈለበት ጊዜ እንደማይነካና ለውጡን ቀድሞ እንደሚሰማ ነው፦ «ዋጋ ከመቀየሩ ከ30 ቀን በፊት በአጭር መልእክት እናሳውቃለን። አስቀድመው የከፈሉበት ጊዜ እስኪያበቃ ድረስ አዲሱ ዋጋ አይመለከትዎትም።» ይህን ከመጻፍዎ በፊት ድርጅቱ በእርግጥ 30 ቀን ሊጠብቅ መቻሉን ዋጋ ከሚወስነው ሰው ያረጋግጡ፤ ካልቻለ የሚችለውን ቀን ይጻፉ።

«14 ቀን በነፃ»። ከአሥራ አራተኛው ቀን በኋላ የሚሆነውን ካልጻፉ ሐረጉ ግማሽ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ ራሱ የሚከፍል ደንበኛ ገንዘቡ በራሱ አይቆረጥበትም፤ የሚያሳስበው የመዘገበው የዕቃ ዝርዝር እንዳይጠፋ ነው። ስለዚህ እንዲህ ይጻፉ፦ «14 ቀኑ ሲያበቃ ካልከፈሉ አዲስ ሽያጭ መመዝገብ ይቆማል፤ የመዘገቡት መረጃ ለ60 ቀን ይቆያል፣ ማውረድም ይችላሉ።» የቀኑ ቁጥር ሲስተሙ በተግባር ከሚያደርገው ጋር አንድ መሆኑን ከቴክኒክ ባለሙያው ያጣሩ።

«ያግኙን»። ስሌቱ የታወቀ ከሆነ አይሰውሩት። ምሳሌ ይስጡ፦ «ከአራት ቅርንጫፍ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ በወር 805 ብር። ለምሳሌ አምስት ቅርንጫፍ ላለው ሱቅ በወር 4,025 ብር፣ እና አንድ ጊዜ ብቻ 9,200 ብር።»

ቃላቱን ሲጽፉ ለአንድ ነገር አንድ ስያሜ ብቻ ይጠቀሙ። በድሮው ገጽ አንዱ ጥቅል «2 ተጠቃሚ»፣ ሌላው «5 ሠራተኛ»፣ ሦስተኛው «ያልተገደበ አካውንት» ይል ነበር፤ ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው። የጥቅሎቹም ዝርዝር በአንድ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ ዋጋ፣ የአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ቅርንጫፍ፣ ተጠቃሚ፣ ድጋፍ የሚሰጥበት ሰዓት። ሰዓቱን «ከጠዋቱ 2 እስከ ከሰዓት በኋላ 11» ብለው በቃል ይግለጹት፤ ቁጥሩ ብቻ ከተጻፈ በሌላው አቆጣጠር የሚያነበው ሰው አለ።

ጥቅሎቹ ተስተካክለው ሲጻፉ ይህን መምሰል አለባቸው፦

> ጀማሪ
> በወር 747.50 ብር (650 + ተ.እ.ታ 97.50)፣ ወይም በዓመት 6,900 ብር በአንድ ጊዜ።
> የማስጀመሪያ ክፍያ፦ 3,450 ብር፣ አንድ ጊዜ ብቻ።
> 1 ቅርንጫፍ፣ 2 ተጠቃሚ። ቅርንጫፍ መጨመር አይቻልም።
>
> አዳጊ
> በወር 1,380 ብር (1,200 + ተ.እ.ታ 180)፣ ወይም በዓመት 13,800 ብር በአንድ ጊዜ።
> የማስጀመሪያ ክፍያ፦ የለም።
> 1 ቅርንጫፍ፣ 5 ተጠቃሚ። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቅርንጫፍ በወር 460 ብር፣ እስከ 3 ቅርንጫፍ።

## ደረጃ 5፦ በስልክ ላይ ያንብቡት

አብዛኛው ባለ ሱቅ ገጹን የሚከፍተው በስልኩ ነው። ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ በጠባብ ስክሪን ላይ ሲቀመጥ ሦስተኛው ዓምድ ከእይታ ይወጣል፣ ወይም የረድፎቹ ስያሜ ይጠፋና «2» እና «5» የሚሉ ቁጥሮች ብቻቸውን ይቀራሉ። ጥቅሎቹን አንዱን ከሌላው ሥር ያሰልፉና በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ስያሜውን ይድገሙ። ቅድመ ሁኔታ «ተጨማሪ ይመልከቱ» ከሚል ቁልፍ ጀርባ ገብቶ ከሆነ ያውጡት።

## ደረጃ 6፦ ለገጹ እንግዳ በሆኑ ሰዎች ይፈትኑት

ሶፍትዌሩን የማያውቁ አምስት ሰዎች ይፈልጉ፤ የድርጅቱ ሠራተኞች አይሁኑ። ስልኩን ይስጧቸውና «ገጹ ግልጽ ነው?» ብለው አይጠይቋቸው፤ ከአክብሮት የተነሣ «አዎ» ይሉዎታል። ይልቁንም ስሌት ይስጧቸው፦ «ሁለት ቅርንጫፍና አራት ሠራተኛ ያለው ሱቅ በየወሩ ቢከፍል በወር ስንት ይከፍላል?» ትክክለኛው መልስ 1,840 ብር ነው፤ 1,380 ለአዳጊ ጥቅል፣ 460 ለሁለተኛው ቅርንጫፍ።

ስህተቱ ራሱ የት እንደተሳሳቱ ይነግርዎታል። 1,380 ያለ ሰው የተጨማሪ ቅርንጫፉን መስመር አላየም፤ መስመሩን ወደ ዋጋው ያስጠጉ። 1,780 ያለ ሰው 400 ብር ታክስ ሳይጨመርበት አግኝቶ ደምሮታል ማለት ነው፤ በገጹ ላይ አንድ ቦታ ያልተቀየረ የድሮ ቁጥር አለ። በእኛ የመጀመሪያ ሙከራ የተከሰተው ይኸኛው ነበር፤ ቁጥሩ የተረፈው «ተደጋጋሚ ጥያቄዎች» ውስጥ ነው። 1,495 ያለ ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ጀማሪ ጥቅሎችን ደምሯል። ይህ መንገድ በውሉ የሚፈቀድ ከሆነ ወርኃዊ ክፍያው ከአዳጊ ጥቅል ይረክሳልና፣ ለዋጋ ወሳኙ ሰው ያቅርቡት እንጂ በጽሑፍ ለመሸፈን አይሞክሩ።

አስተካክለው ሌሎች አምስት ሰዎችን ይጠይቁ። ቀደም ሲል ያነበቡት ሰዎች መልሱን ስለሚያስታውሱ ለሁለተኛ ጊዜ አያገለግሉም።

## ደረጃ 7፦ ገጹን ሲለጥፉ

አዲሱ ገጽ በሚወጣበት ዕለት ውሉ፣ የሽያጭ ክፍሉ የሚልከው የዋጋ ዝርዝርና የቴሌግራም ቻናሉ ላይ ተሰክቶ ያለው መልእክት አብረው መቀየር አለባቸው። በገጹ ላይ ዋጋው የጸናበትን ቀን ይጻፉ፤ የድሮውን ገጽ ቅጂም ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ፤ በድሮው ዋጋ የገባ ደንበኛ ጥያቄ ሲያነሣ የሚታየው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ስልክ የሚቀበለው ሠራተኛ ስለ ዋጋ የሚጠየቀውን ሁሉ በጠያቂው ቃል እንዲመዘግብ ያድርጉ። ተመሳሳይ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከተመዘገበ መልሱን በጥያቄና መልስ ዝርዝር ውስጥ አይጨምሩት፤ ጥያቄው ወደሚመለከተው ዋጋ ይሂዱና ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ያስተካክሉ።